የአያቴ ድስት እና ኮሌስትሮል፦ በቤታችን የነበሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኅዳር መጀመሪያ አባቴ የደም ምርመራ ውጤቱን ሊሰማ ሲሄድ አያቴ «እኔም እሄዳለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ተከተልኳቸው። መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ 178 ይላል። አያቴ ቤት ስትሮክ ገብቶ ያውቃል፤ ባሏን የነጠቃት እርሱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የአባቴ ቁጥር ከ100 በታች መውረድ እንዳለበት ተናገረና ቀና ብሎ «ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች አያቴ።

ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ለእንግዳ ቅቤ የሌለው ወጥ ማቅረብ ለእርሷ ነውር ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤታችን የተነሣውን ክርክር፣ እያንዳንዱን በተናጋሪው አንደበት እያስቀደምኩ እጽፈዋለሁ።

«ልጄ እኮ ቀጭን ነው፤ ኮሌስትሮል የወፍራም ሰው አይደለም እንዴ?»

በደማችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። ትርፉን ከደም ለቅሞ የሚያነሣውም ጉበት ነው። አንዳንዱ ሰው ይህ የመልቀም አቅም ከልደቱ ያንሰዋል፤ ከወላጅ ወደ ልጅም ይተላለፋል። በዚህ ላይ የሚረጋ ስብ፣ ማለትም እንደ ቅቤ በብርድ የሚጠጥር ስብ፣ ሲበዛ ጉበት ከደም የሚለቅመው ኤልዲኤል ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከወገብ ስፋት ጋር የግድ አብሮ አይሄድም።

አባቴ ደግሞ «ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነው። ኮሌስትሮል በደም ሥር ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሲከማች አያሳምምም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በምርመራ ነው፤ ያልተመረመረ ሰው ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሲመታው ያውቃል።

«እኛ ጿሚዎች ነን፤ የዓመቱን እኩሌታ ቅቤ የሚባል አንቀምስም።»

ይህን ያለችው አያቴ ናት፤ ጾመ ነቢያት በገባ በሳምንቱ። እኔም መልሱን ወዲያው አላገኘሁትም። ያገኘሁት አንድ ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ የዘይቱን ጀሪካን ሳነሣ ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር። ጀሪካኑን አዘነበልኩት፤ ዘይቱ አልወርድ አለኝ። ከታች እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ ከላይ ብቻ ጥቂት ቢጫ ፈሳሽ ይንሳፈፋል። አያቴ ለዓመታት በየብርዱ ጠዋት ጀሪካኑን ምድጃ አጠገብ እያስጠጋች ስታቀልጠው ኖራለች፤ ለምን እንደሚረጋ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ አይዋሽም፤ ኮሌስትሮል ያለው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ከኮሌስትሮል ነፃ ነው። ነገር ግን ይህ የፓልም ዘይት ነው፤ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። በደም ውስጥ ያለውን ኤልዲኤል ከፍ የሚያደርገው ደግሞ በዋናነት ይህ ስብ ነው። የሱፍ ዘይት ውስጥ የሚረጋው ስብ ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ነው፤ የኑግ ዘይትም ከፓልም በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቁጭ ብለን አሰላነው። ስድስት ሰዎች ነን፤ 5 ሊትር ዘይት በጾም ሦስት ሳምንት ይበቃናል። ይህ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው። ከእርሱ ውስጥ 18 ግራም ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። አንድ አዋቂ በቀን በአማካይ ከ22 ግራም በላይ እንዳይወስድ ይመከራል። እንግዲህ ቅቤ ባልቀመስንበት ወቅት እንኳ የቀኑን ድርሻ ጥቂት ሲቀረው ሞልተነው ነበር።

አያቴ ዝም ብላ ሰማችኝና በማግስቱ የሱፍ ዘይት አስገዛች። ውድ ስለሆነ ከጀሪካኑ በቀጥታ መንቆርቆሩን ተወችው፤ በማንኪያ ትለካ ጀመር። ሦስት ሳምንት ይበቃ የነበረው 5 ሊትር አምስት ሳምንት አስኬደን።

የብርዱ ፈተና እንደ አዲስ አበባ ባለ ቦታ ይሠራል፤ ዘይቱን በብርጭቆ አድርጎ መስኮት አጠገብ ማሳደር ይበቃል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ግን ፓልምም አይረጋም። ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የሚጣራ የፓልም ዘይትም አለ። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «ፓልም» የሚለውን ቃል መፈለግ ይሻላል።

«ቅቤ የቀነሰ ዶሮ ወጥ፣ ወጥ አይባልም።»

ገና ሲደርስ የመጣው ፈተና ይህ ነው። አያቴ ለአንድ ዶሮ፣ ለአሥራ ሁለቱ ብልት፣ ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ ታደርግ ነበር። ከንጥር ቅቤ ከስልሳ በመቶ በላይ የሚሆነው የሚረጋ ስብ ነው። ወጡ ለአሥራ ሁለት ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ 26 ግራም ገደማ ይደርሰዋል፤ የቀኑ ድርሻ በአንድ ማዕድ አለቀ ማለት ነው። ሁለተኛ ከጨለፈ ደግሞ እጥፍ።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። አያቴ ቅቤውን ቀንሳ ሌላውን እንደ ድሮው ሠራችው። ሽንኩርቱ ሳይበስል ድስቱን ያዘ፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ አለ። አባቴ ምንም ሳይል በላ። አያቴ ግን አንድ ጉርሻ ቀምሳ እጇን ታጠበች።

ስሕተቱ የት እንደነበር ያገኘችው እርሷ ናት። ቅቤው ሲበዛ የሚሠራው ሥራ ነበረው፤ ሽንኩርቱ እንዳያር ይጠብቀዋል፤ በርበሬውንም ያበስለዋል። ቅቤው ከቀነሰ ያንን ሥራ ጊዜና ውኃ ሊሠሩት ይገባል። ለጥምቀት እንደገና ስትሠራው አጠገቧ ቆሜ ተመለከትኩ። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ደቃቅ አድርጋ ከተፈች፤ ያለ ምንም ዘይት በዝግተኛ እሳት ላይ ጣደችው። ሊይዝ ሲል ፈላ ያለ ውኃ ጠብ ታደርግና ታማስላለች። ቀዝቃዛ ውኃ አትነካም፤ ቁሌቱን ያቆረፍደዋል ትላለች። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ሄደ፤ ሽንኩርቱ ቅርጹን አጥቶ ቡናማ ሆነ። ከዚያ አንድ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ፣ 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሱፍ ዘይት ጨመረች፤ በርበሬውን አስከትላ አሁንም ውኃ ጠብ እያደረገች ሌላ አርባ ደቂቃ አቁላላችው። በርበሬው መብሰሉን የምታውቀው በጠረኑ ነው፤ አፍንጫ የሚያስነጥሰው ጠረን ጠፍቶ ጣፋጭ ሽታ ሲመጣ።

ቅቤውን ያስገባችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወጡ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው፣ 100 ግራም ብቻ። ምክንያቷ ይህ ነበር፦ የንጥር ቅቤ ሽታ ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱ እና ከበሶብላው ይመጣል፤ እነርሱ ከመጀመሪያው ከገቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲተኑ ይቆያሉ። መጨረሻ ላይ የገባ ጥቂት ቅቤ ግን ሽታውን ይዞ ማዕድ ላይ ይደርሳል። ስሌቱን ደገምኩት፤ ዘይቱም ተደምሮ ለአንድ ሰው 6 ግራም ገደማ ሆነ። ከ26 ወደ 6። አጎቴ ከጎጃም መጥቶ ነበር፤ በላና ጨመረ። እስከ ዛሬ ማንም አልነገረውም።

«እንግዲያውስ እንቁላሉም ይቅር።»

እንቁላል አስኳሉ ውስጥ ኮሌስትሮል አለው፤ የሚረጋ ስቡ ግን 1.5 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ደግሞ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚረጋ ስብን ያህል ኤልዲኤልን አይጨምርም። ሐኪሙ ለአባቴ የነገረው በየቀኑ በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል እንዲተው እንጂ የበዓሉን እንቁላል እንዲከለከል አይደለም። አያቴ እፎይ አለች፤ ያለ እንቁላል ዶሮ ወጥ ማቅረብ ከቅቤው ይልቅ ያሳፍራት ነበር።

«ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ጠዋት ጠዋት ቢጠጣ ያጥበዋል።»

የጎረቤታችን ምክር ነው፤ በመልካም ልብ የመጣ። አባቴ ለሁለት ሳምንት ጠጥቶ ጨጓራውን አቃጠለው። በደም ሥር ውስጥ የተጣበቀ ስብን አጥቦ የሚያወጣ መጠጥ የለም።

ጥቂትም ቢሆን በእርግጥ የሚያግዘው እጃችን ላይ ያለ ነገር ነው፦ ገብስ፣ አጃ፣ ባቄላ፣ ምስር። በተለይ ገብስና አጃ ውኃ ሲነካቸው የሚያሟልጭ አሰር አላቸው። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ስለሆነ፣ የወጣውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። አያቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ገንፎ ብሉ ማለት አይቀልም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቁርሳችን በሳምንት ሦስት ቀን የገብስ ገንፎ ሆነ። መሐሉ ላይ እንደ ኩሬ የሚሞላው ቅቤ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ በበርበሬ ብቻ ሆነ፤ የቀረውን ቦታ እርጎ ሞላው።

«ከወረደማ መድኃኒቱ ይቁም።»

በየካቲት ምርመራው ሲደገም ኤልዲኤሉ 154 ሆነ። አያቴ ቁጥሩን እንድደግምላት አደረገችኝ። ድስቷ 24 አውርዷል፤ ከምግብ ለውጥ ብቻ ይህን ያህል መውረዱ ጥሩ ውጤት ነው። ከ100 በታች ግን አልሆነም፤ ውርሱ ያለበት ሰው በምግብ ብቻ እዚያ መድረስ ብዙ ጊዜ አይችልም። ሐኪሙ አቶርቫስታቲን አዘዘለት፤ በሁለተኛው ወር 88 ሆነ።

ያን ጊዜ ነው አባቴ እንክብሉን ሊተው ያሰበው። መድኃኒቱ የሚሠራው ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን መንገድ እየገታ ነው፤ ሲቋረጥ ጉበቱ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ቁጥሩም በሳምንታት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። 88 ያለው ወረቀት የሚያሳየው መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነው። ጡንቻ ቢያመው ወይም ሽንቱ ቢጠቁር ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ በራሱ ውሳኔ ማቆም ግን የለበትም። ይህን ስነግረው አያቴ ከወጥ ቤት ትሰማ ነበር። በማግስቱ ማታ እንክብሉን በትንሽ ሰሃን ላይ አድርጋ ከውኃ ጋር አመጣችለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላሳለፈችም።

የፋሲካ ማግስት ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ከተረፈው ዶሮ ወጥ ድስት ላይ ክዳኑን አንሥታ አገኘኋት። ድሮ በዚህ ሰዓት ላዩ ላይ ጣት የሚያህል ቅቤ ረግቶ ይጠብቀን ነበር። አሁን እዚህም እዚያም ስስ ብጫ ክብ ብቻ ይታያል። በማንኪያ ጫፍ አንዷን ክብ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋቻት፤ ትሪው ጠርዝ ላይ ጠረገቻትና ድስቱን ጣደች።