«መሃሉን እንያዝ» እና ሌሎች የዕቅድ ስብሰባ ስህተቶች

ሥራዬ የምርት ዕቅድ ነው፤ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ። በወር አንዴ ሽያጭ፣ ምርት፣ ግዢና ፋይናንስ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። ሽያጭ ይሸጣል ብሎ የሚገምተውን፣ ምርት ደግሞ ማምረት የሚችለውን ይዞ ይመጣል። ሁለቱን የምናስታርቀው እዚያ ነው። ፋብሪካ ብቀይርም የምሰማው ዓረፍተ ነገር ግን አልተቀየረም። ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

«ስብሰባው ያለፈውን ወር ለመገምገም ነው።»

ላለፈው ወር አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ለሚቀጥለው ሳምንትም ቢሆን ጊዜው አልፏል፤ ዕቃው ታዟል፣ ፈረቃው ተመድቧል። መነጋገር ያለብን ከሁለት ወር በኋላ ስላለው ነው።

«ማሽኑ በሰዓት 12 ሺህ ጠርሙስ ይሞላል፤ አቅማችን ይኸው ነው።»

እሱ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። የእኛ ማሽን ግን መብራት ይጠፋበታል፣ ይታጠባል፣ ከግማሽ ሊትር ወደ ሁለት ሊትር ሲቀየር ሰዓታት ይቆማል። ጠርሙስም ይጣበቅበታል።

አንዱን ፋብሪካ ልንገራችሁ፤ ቁጥሩን ለሂሳብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ወሩ እሑድ ሲቀነስ 26 ቀን ነው። በሁለት ፈረቃ 416 ሰዓት ይሆናል። በተለጠፈው ቁጥር ብናሰላው፣ 12 ጠርሙስ የያዘ 416 ሺህ እሽግ መውጣት ነበረበት። ያለፉትን ስድስት ወራት መዝገብ ስናይ ግን በእርግጥ የሚወጣው የዚያ 65 በመቶ ነው። 270 ሺህ እሽግ ገደማ ማለት ነው። አቅም የምለው ይሄንን ነው። መዝገቡን ያልያዘ የምርት ኃላፊ «እንሞክራለን» ይላል። «እንሞክራለን» ደግሞ እሽግ አይሞላም።

«ሽያጭ 360 ሺህ ካለ፣ ምርት 270 ሺህ ካለ፣ በቃ መሃሉን 315 ሺህ እንያዝ።»

ይቺ ናት የምታንገበግበኝ። መርካቶ ጫማ የምንገዛ ይመስል! የሻጭና የገዢ ዋጋ መሃል ላይ ሊገናኝ ይችላል። እዚህ ግን ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ጥያቄ መልስ አይደሉም። አንዱ «ገበያው ስንት ይፈልጋል?» ለሚለው ነው፤ ሌላው «ስንት መሥራት እንችላለን?» ለሚለው። 315 ሺህን የጠየቀ ደንበኛ የለም፤ ሊያወጣው የሚችል ማሽንም የለም።

የዚያ ፋብሪካ ሰዎች አንድ ዓመት ለጥር ወር መሃሉን ያዙ። ከዚያ ግዢ ክዳንና ፕሪፎርም (ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነውን ፕላስቲክ) ለ315 ሺህ ገዛ። ሽያጭ ለአከፋፋዮቹ የ360 ሺህ ቃል ገብቶ ነበር። ምርት 270 ሺህ አወጣ። ፕሪፎርሙ መጋዘን ተደርድሮ ቀረ፤ አከፋፋዮች መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ሲጮኹ ዋሉ። የባሰው የመጣው በቀጣዩ ስብሰባ ነው። ሽያጭ «መሃሉን ከያዙት» ብሎ ትንበያውን ከፍ አደረገ። ምርትም ነቅቶ አቅሙን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ጠፋ።

መሆን የነበረበት ይሄ ነው። ሽያጭ «ፋብሪካው አይችልም» ብሎ ቀድሞ ሳይቀንስ፣ ገበያው የሚፈልገውን እንዳለ ያምጣ። ምርትም የመዝገቡን ያምጣ። ልዩነቱ 90 ሺህ እሽግ ነው። ጥያቄው «ማን ይሸነፍ?» ሳይሆን «90 ሺሁን ከየት እናምጣ፣ በስንት?» ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሮቹ ያው ነበሩ፤ ስሌቱን ግን ጥቅምት ላይ ሠራነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። ሰርግ የለም፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ለኅዳር የተተነበየው 220 ሺህ፣ ለታኅሣሥ 230 ሺህ ነበር። በ270 ሺህ አቅም ሲታይ በሁለቱ ወራት 90 ሺህ ትርፍ አቅም አለ ማለት ነው። ወረቀት ላይ አለቀ! ግን መጋዘኑ ከተለመደው ክምችት በላይ የሚችለው 60 ሺህ ብቻ ነው። «ግቢው ውስጥ እንደርድረው» ያለ ነበር። ፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ፀሐይ ላይ አይከመርም፤ ጣዕሙ ይበላሻል።

ስለዚህ 60 ሺሁን ቀድመን ለመሥራት ወሰንን። 40 ሺሁ በታኅሣሥ፣ 20 ሺሁ ብቻ በኅዳር መጨረሻ፤ ገንዘብ ተከምሮ እንዳይቆይ። ለቀሪው 30 ሺህ የሌሊት ፈረቃ አሰብን። አንድ ሌሊት 5,200 እሽግ ያወጣል፤ ስድስት ሌሊት ይበቃል። ነገር ግን መካኒኮቹ ጥገና የሚሠሩት ሌሊት ነው። ስለዚህ ስድስቱን ሌሊት ለየሳምንቱ አከፋፈልናቸው። የፕሪፎርም አቅራቢያችን ደግሞ ትእዛዝ ከስድስት ሳምንት በፊት ይፈልጋል። ለጥር ወር ጥቅምት ላይ የተሰበሰብነው ለዚህ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቢሆን ኖሮ ከጩኸት በቀር የሚወሰን ነገር አይኖርም ነበር።

ለዋና ሥራ አስኪያጁ ያቀረብነው ሁለት ምርጫ ነው። አንደኛው፣ ለሌሊት ፈረቃው የትርፍ ሰዓትና የሰርቪስ ወጪ ከፍሎ 360 ሺህ መድረስ። ሁለተኛው፣ ሌሊቱን ትቶ 330 ሺህ ላይ መቆምና የትኛው አከፋፋይ ስንት እንደሚቀነስበት ከአሁኑ መንገር። የመጀመሪያውን መረጠ። ሁለተኛውንም ቢመርጥ አልከፋም ነበር። ቁጥሩ የወረደው በውሳኔ ነዋ፤ ግዢም ሽያጭም ያችኑ 330 ሺህ ይዘው ይወጣሉ።

«አምና ጥርና የካቲት የሸጥነው ላይ 10 በመቶ ጨምርበት፣ ትንበያው እሱ ነው።»

አምና ዐቢይ ጾም መቼ ነበር የገባው? ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል። ጾሙ ዘግይቶ ሲገባ የሰርጉ ወቅት የካቲትን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ቀድሞ ሲገባ ጥር ላይ ይታጨቃል። አምናን ገልብጦ ያመጣ የሽያጭ ሰው የካቲት ላይ ወይ ባዶ መጋዘን ወይ የማይነሳ ክምር ያስታቅፈናል። ካላንደር ማየት ነጻ ነው።

«ትንበያና የሽያጭ ኮታ አንድ ናቸው።»

አይደሉም። ኮታ ሻጩን ለማሯሯጥ ከፍ ይደረጋል። በኮታ ፕሪፎርም የሚገዛ ግን ይከስራል።

የእናንተ የሽያጭ ክፍል የቱን እንደሚያመጣ ለማወቅ ያለፉትን 12 ወራት ትንበያና ሽያጭ ጎን ለጎን ጻፉ። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ካለ ጤነኛ ስህተት ነው። በአሥራ ሁለቱም ወር ትንበያው ከሽያጩ በልጦ ከተገኘ፣ ሲያቀርቡላችሁ የኖሩት ኮታ ነው። ወረቀቱን ለሽያጭ ኃላፊው ከስብሰባው በፊት ለብቻው አሳዩት። እኔ አንዴ በሰው ፊት አውጥቼው ሦስት ወር ሰላም አላለኝም።