ጠዋት 80፣ ከሰዓት 30፦ ስለ አየር እርጥበት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው ስለ አየር ማውራት ይወዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ሲመለስ ደግሞ ጋቢ ይፈልጋል። አሁን ወሬው ላይ የስልኩ የአየር ጠባይ ገጽ ተጨምሯል። ከዲግሪው ሥር «እርጥበት» የሚል ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እሱ ላይ ነው።

«ጠዋት 80 በመቶ የነበረው እርጥበት ከሰዓት 30 በመቶ ሆነ። አየሩ ውስጥ የነበረው ውሃ አልቋል ማለት ነው።»

ውሃው እዚያው ነው። የተለወጠው ሙቀቱ ነው።

ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር አየሩ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ አይናገርም። ሙሉ ስሙ አንጻራዊ እርጥበት ነው። አየሩ አሁን ባለበት ሙቀት ሊኖረው ከሚችለው ከፍተኛ የውሃ ተን ውስጥ ስንት በመቶው እንዳለ ነው የሚነግረን። ጣሪያው ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ሙቀት ሲጨምር በፍጥነት ከፍ ይላል። በ12 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ተን 10.7 ግራም ገደማ ነው። በ27 ዲግሪ ግን ወደ 26 ግራም ይደርሳል።

ኅዳር ላይ ኮምቦልቻን እናስብ። ጠዋት 12 ዲግሪ ነው፣ እርጥበቱ 80 በመቶ። የ10.7 ግራም 80 በመቶ 8.5 ግራም ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ከሰዓት 27 ዲግሪ ገባ። ዝናብ የለም፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አየርም የለም እንበል። ያው 8.5 ግራም አሁን የሚለካው በ26 ግራም ጣሪያ ነው። አየሩ ሲሞቅ ትንሽ መስፋቱን ብንቆጥር ውጤቱ 30 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ ጢም ብለው የነበሩ ተሳፋሪዎች ወደ ትልቅ አውቶቡስ ቢዛወሩ ሰው አልቀነሰም፤ ወንበር ነው የበዛው።

ስለዚህ በመቶውን ብቻ ይዞ «ዛሬ ደረቅ ነው» ማለት አይቻልም። ዲግሪው አጠገቡ ከሌለ ቁጥሩ ብዙም ትርጉም የለውም።

«ደሴ ጉም ውስጥ ናት፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው። ታዲያ ብዙ ውሃ ያለው የደሴ አየር ነዋ!»

ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ደሴ 12 ዲግሪ ስትሆን እርጥበቱ 100 በመቶ ነው። ያ ማለት 10.7 ግራም ተን ነው። ኮምቦልቻ በዚያው ሰዓት 27 ዲግሪና 50 በመቶ ብትሆን ተኑ 13 ግራም ገደማ ነው። በመቶው ግማሽ ሆኖ ውሃው ይበልጣል። «ጉሙ ራሱ ውሃ አይደለም ወይ?» ካላችሁ፣ ነው። ግን የጉም ጠብታዎች በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞሉም። ዓይን ስለሚጋርዱ ነው ብዙ የሚመስሉት። ተን ግን አይታይም።

ጉሙ ራሱም ቢሆን አንዳንዴ ከታች የወጣ አየር ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየር ገደሉን እየታከከ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። ጉም እስኪሆን ድረስ በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ 20 ዲግሪና 75 በመቶ የነበረ አየር ደሴ ጫፍ ሲደርስ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል። ያን ጊዜ የያዘው ተን ከጣሪያው ጋር ይገጥማል፣ ትርፉም ጠብታ ይሆናል። ከታች ሆኖ ሲያዩት ደመና ነው፣ ውስጡ ላለው የደሴ ሰው ጉም ነው።

«ስልኩ 80 በመቶ እርጥበት ይላል፣ የኔ ከንፈር ግን ተሰነጣጥቋል። መቼም ስልኩ ውሸታም ነው።»

ስልኩም ከንፈርህም ልክ ናቸው። ደሴ ጠዋት 10 ዲግሪና 80 በመቶ ሲሆን አየሩ ውስጥ ያለው 7.5 ግራም ውሃ ነው። የከንፈር ሙቀት ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። አየሩ ከንፈርህን ሲነካ ይሞቃል። በዚያ ሙቀት ሲለካ ያው 7.5 ግራም ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ለቆዳህ የበረሃ አየር እንደማለት ነው። ቅባት ተቀባ።

«27 ዲግሪ ያው 27 ዲግሪ ነው። አንድ ቀን ሲወብቅ ሌላ ቀን ሲመች ሰውየው ሲያካብድ ነው።»

ሰውነታችን እንደ ቴርሞሜትር ሙቀት ተቀብሎ ዝም አይልም። ራሱ ሙቀት ያመርታል፣ ያንን ማስወጣት አለበት። ሲሞቀው ዋናው መሣሪያው ላብ ነው። የሚያቀዘቅዘን ግን ላቡ መውጣቱ ሳይሆን መትነኑ ነው። አንድ ሊትር ላብ ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ግንባር ላይ ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀው ላብ ግን ምንም አልሠራልንም፤ ውሃውን ብቻ ነው ያባከነው።

ላቡ በምን ያህል ፍጥነት ይተናል? ይህን የሚወስነው ቆዳው ላይ ባለው ተንና በአየሩ ውስጥ ባለው ተን መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ ንፋስም ያግዛል። አየሩ አስቀድሞ ብዙ ተን ከያዘ ልዩነቱ ይጠባል። ትነቱ ይዘገያል፣ ላቡ ይጠራቀማል፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ወበቅ የምንለው ይህ ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር ለሚፈልግ አንድ የክፍል ቴርሞሜትር ይበቃል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡትና አንብቡት፤ 27 ዲግሪ አለ እንበል። ከዚያ ጫፉን በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት። ውሃው የክፍሉን ሙቀት የለመደ ይሁን፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ አይሁን። በደብተር እያራገባችሁ ቁጥሩ መውረድ እስኪያቆም ጠብቁ። ጥቂት ደቂቃ ነው።

ኅዳር ላይ፣ አየሩ 30 በመቶ ሲሆን፣ ቁጥሩ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። የ12 ዲግሪ ልዩነት ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ያው 27 ዲግሪ ከ60 በመቶ ጋር ሲመጣ ግን 21 አካባቢ ይቆማል። ልዩነቱ 6 ብቻ። ክፍሉ አንድ፣ ደረቁ ቴርሞሜትር አንድ፣ ትነት ሊያደርገው የሚችለው ማቀዝቀዝ ግን በግማሽ ቀንሷል። የእኛ እርጥብ ጨርቅ ቆዳችን ነው።

ሙከራው የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። ሳታራግቡ ከተዋችሁት በጨርቁ ዙሪያ ያለው አየር ራሱ ይረጥብና ቁጥሩ በቅጡ አይወርድም። ወርዶ ቆሞ የነበረው ቁጥር እንደገና መውጣት ከጀመረ ደግሞ ጨርቁ ደርቋል ማለት ነው፤ ያንን ንባብ አትያዙት።

አንድ ነገር ላክል። በመቶው ከ30 ወደ 60 ስለዘለለ ወበቁ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ላብ የሚተነው 35 ዲግሪ አካባቢ ካለ ቆዳ ላይ ነው፣ በመቶው ግን የሚለካው በአየሩ ሙቀት ነው። በዚህ ምሳሌ ላብን የሚጎትተው ልዩነት የሚቀንሰው ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ነገር ምቾት ማጣት እንጂ ከባድ አደጋ እምብዛም አይደለም። ቀይ ባሕር ዳር 35 ዲግሪ ከብዙ ተን ጋር ሲመጣ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። አየሩና ቆዳው እኩል ስለሞቁ ከትነት በቀር ሙቀት መውጫ በር የለም፣ ያም በር ሊዘጋ ምንም አይቀረው። በባቲ አድርገው ጅቡቲ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን ያውቁታል።

«ላብ ካላየሁ ውሃ አልወጣኝም፣ ስለዚህ መጠጣት አያስፈልገኝም።»

በደረቅ ቀን ላቡ ሳይታይ ነው የሚሄደው፣ እንደወጣ ይተናል። ኅዳር ላይ ኮምቦልቻ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ የቀን ሠራተኛ ሸሚዙ ደረቅ ሊሆን ይችላል። አንገትጌውና ጀርባው ላይ የሚታየው ነጭ መስመር ግን ጨው ነው። ውሃው ተንኖ ጨዉ ቀረ። ሌላው ምልክት ሽንት ነው፤ ጠቆር ካለና ካነሰ ውሃ ጎድሏል።

«እርጥብ አየር ይከብዳል፣ ለዚያ ነው የሚጫጫነን።»

በሚዛን ከሄድን እርጥብ አየር ይቀላል። የውሃ ሞለኪውል ክብደት 18 ነው፣ የናይትሮጅን 28፣ የኦክስጅን 32። በአንድ ዓይነት ሙቀትና ግፊት ተን ሲገባ ከባዶቹን ይተካል። የሚጫጫነን ያልተነነው ላብ ነው።

«ቤቱ ሲሞቅ ወለሉ ላይ ውሃ እርጭ ማድረግ ነው፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል።»

ይህኛው እንደ ቀኑ ነው። በደረቅ ከሰዓት፣ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ በደንብ ይሠራል፤ ውሃው የሚተነው ከክፍሉ ሙቀት ወስዶ ነው። ቀድሞ የሠራነው የ12 ዲግሪ ልዩነት ያለበት ቀን ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ግን፣ በተለይ መስኮት ተዘግቶ፣ የምትጨምሩት ወበቅ ነው። ቴርሞሜትሩ አንድ ዲግሪ ቢወርድ እንኳ አየሩ ውስጥ የጨመራችሁት ተን የራሳችሁን ላብ ያዘገየዋል። በዚያ ቀን ባልዲውን ትታችሁ መስኮቱን ክፈቱ፣ ማራገቢያ ካለም ወደ ሰው አዙሩት። ማራገቢያ ባዶ ክፍል አያቀዘቅዝም። ቆዳችሁ አጠገብ የተጠራቀመውን እርጥብ አየር ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ይጥፋ።