ከደመወዝ የተቆረጠ ጡረታ ገብቷል ማለት ነው?

አይደለም። በደመወዝ መክፈያው ላይ «ጡረታ» ተብሎ የተቀነሰው የሠራተኛው ድርሻ ብቻ ነው። አሠሪው ከራሱ ጨምሮ ሁለቱንም ለጡረታ ተቋሙ ማስገባት አለበት። ይህን ማድረጉን የሚያሳየው በተቋሙ ዘንድ በስምህ የተያዘው የመዋጮ መዝገብ እንጂ የደመወዝ ወረቀቱ አይደለም።

ደመወዝህ 10,000 ነው እንበል፤ የአንተ ድርሻ 7፣ የአሠሪው 11 በመቶ ቢሆን በየወሩ መግባት ያለበት 1,800 ነው። ለ24 ወር ካልገባ ጉድለቱ 43,200 ይደርሳል። ብዙ ሰው ግን «ተቆርጦብኛል» ብሎ የሚጠይቀው 16,800ውን ብቻ ነው፤ ትልቁን ድርሻ ይረሳዋል።

መጀመሪያ የመዋጮ መዝገብህን ከተቋሙ ጠይቅና የጎደሉትን ወራት ለይ። ከዚያ የሥራ ውልህን፣ የደመወዝ ወረቀቶችህንና ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ አያይዘህ ለተቋሙ በጽሑፍ አመልክት፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማህተም አስመታ። ውዝፉን ከነቅጣቱ ከአሠሪው የመሰብሰብ ሥልጣን በአብዛኛው የተቋሙ ነው። ገንዘቡም በእጅህ አይሰጥም፣ ወደ መዝገብህ ይገባል። አሠሪው «ጥሬውን ልስጥህና እንተወው» ቢልህ አትፈርም፤ የአገልግሎት ዘመንህ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። አቤቱታ የጊዜ ገደብ ስላለው ሥራ እስክትለቅ አትጠብቅ።