የሪል ስክሪፕት ምንድን ነው? ጎንደር ፒያሳ ለተከፈተች አንዲት ካፌ የተጻፈ የ26 ሰከንድ ጽሑፍ

ጥር 11 ጥምቀት ካለፈ በኋላ ፒያሳ ጭር ትላለች። እንግዳው ወደየአገሩ ይመለስና መንገዱ ላይ የሚቀሩት የከተማው ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዲት ሴት አምስት ጠረጴዛ ያላትን ካፌዋን የከፈተችው ልክ በዚያ ሰሞን ነበር፣ ሰኞ ጥር 18 ቀን። አስባበት ነው። የምትፈልገው ቱሪስት ሳይሆን በዙሪያዋ ካሉ ቢሮዎች 4 ሰዓት ላይ ለቡና ብቅ የሚል ሠራተኛ ነው። ሪል፣ ማለትም በስልክ የሚታይ አጭር ቪዲዮ፣ እንድሠራላት ስትጠራኝ ስክሪፕቱን ራሷ ጽፋ ጠበቀችኝ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ጣዕምንና ጥራትን አጣምሮ የያዘው ካፌያችን በታሪካዊቷ ጎንደር እምብርት ሥራ መጀመሩን ስናበስር በታላቅ ደስታ ነው።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ በሰዓት አነበብኩት። 9 ሰከንድ ፈጀ። በዚያ 9 ሰከንድ ውስጥ ካፌው በትክክል የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ማንን እንደሚጠራ አንድም ነገር አልተነገረም። ስልኩን በአውራ ጣቱ የሚገፋ ሰው ደግሞ ለማየት ወይም ለማለፍ የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ነው።

የጻፈችው ማስታወቂያ ነው እንጂ ስክሪፕት አይደለም። የሪል ስክሪፕት ማለት በየሰከንዱ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚወስን ወረቀት ነው። የሚነገረው ቃል ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትንሹ። ቢሮ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ስለሆነ ቃሉ ባይሰማም ነገሩ መግባት አለበት።

ለመጻፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ካፌው ምን እንዳለው ሳይሆን የሚመጣው ሰው ምን እንደሚያስጨንቀው ነው። እዚያ አካባቢ የሚሠሩ ሦስት አራት ሰዎችን ጠየቅሁ። ስለ ቡናው ጣዕም የጠየቀ የለም። «ሄጄ ጠጥቼ አለቃዬ ሳያየኝ እመለሳለሁ ወይ?» ነው ነገሩ። የሚወጡት ለ15 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ሪሉ መመለስ ያለበት ይህን አንድ ጥያቄ ነው።

ባለቤቷ በፋሲል ግንብ ምስል ይጀመር ብላ ነበር። ግንቡ ላይ ጠብ የለኝም፤ ነገር ግን በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ ቢሮ ለሚገባ ሰው ግንቡ «ይህ ለእንግዳ ነው» ይለዋል። የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ የግድግዳ ሰዓት ነው «ይህ ለእኔ ነው» የሚያሰኘው። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦

ከ0 እስከ 3 ሰከንድ። የሚታየው፦ ፋይል የተከመረበት ጠረጴዛ፣ ከላይ 4 ሰዓት የሚል የግድግዳ ሰዓት፣ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ። ድምፅ፦ «4 ሰዓት ሆነ። ያለችን 15 ደቂቃ ናት።» ጽሑፍ፦ 15 ደቂቃ።

ከ3 እስከ 8። የሚታየው፦ የሦስት ሰዎች እግር ደረጃ ሲወርድ፣ ፖስታ ቤቱ፣ የካፌው በር። ድምፅ፦ «ከፖስታ ቤቱ በእግር 3 ደቂቃ፣ አረንጓዴው በር።» ጽሑፍ፦ ከፖስታ ቤት 3 ደቂቃ።

ከ8 እስከ 16። የሚታየው፦ ቡና ከማሽኑ ወደ ስኒ ሲወርድ፣ ሳይቆረጥ፤ ከዚያ ወተት ሲጨመር። ሰው አይናገርም፤ የማሽኑና የስኒው ድምፅ ብቻ። ጽሑፍ፦ ማኪያቶ፣ ስፕሪስ፣ የጀበና ቡና።

ከ16 እስከ 20። የሚታየው፦ ሻይና ቡና በብርጭቆ ተነባብረው። ድምፅ፦ «ረቡዕና አርብ ለጾመኛ ስፕሪስ አለ።»

ከ20 እስከ 26። የሚታየው፦ ስልክ ሲነሳ፣ ስኒዎች ሲደረደሩ፣ ሦስቱ ሰዎች በሩን ሲገቡ። ድምፅ፦ «ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። እናንተ ስትደርሱ ቡናው ይደርሳል።» ጽሑፍ፦ ስልክ ቁጥሩ፣ ከሰኞ ጥር 18 ጀምሮ።

የሚነገረው ቃል 30 እንኳ አይሞላም። ባለቤቷ «ይህ ብቻ? ለዚህ ነው የከፈልኩህ?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ሲነበብ ያሳፍራል። ግን የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «ከመነሳታችሁ» የሚለው አንድ ቃል ሆኖ ሰባት ፊደል ይዟል። ሳይጣደፍ የሚናገር ሰው በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ነው የሚለው። ከዚያ በላይ ከታጨቀ አንባቢው ይሮጣል፤ የሮጠ ድምፅ ደግሞ የሎተሪ አዟሪ ይመስላል። ከቀረጻው በፊት በሰዓት ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብዙ የተከራከርነው ግን በአንድ ግስ ላይ ነው። ተመልካቹን ምን እንበለው? «ና» ካልን ሴቶቹ ቀሩ፤ «ነይ» ካልን ወንዶቹ። «ይምጡ» ያከብራል፣ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይቀዘቅዛል፤ ለቡና ሰው «ይምጡ» ተብሎ አይጠራም። በብዙ ቁጥር «ደውሉ»፣ «ስትደርሱ» አልን። ይህ የጾታውን ጣጣ ብቻ አይደለም የሚፈታው። ከቢሮ ለቡና የሚወጣ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ አንዱ ሌላውን በዓይኑ ጠርቶ ነው የሚነሳ። ብዙ ቁጥሩ ያንን ልማድ ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ትዕይንት «ያለችን» ያልነውም ሆን ብለን ነው፤ ተናጋሪዋ ከሻጩ ሳይሆን ከሠራተኞቹ ወገን እንድትቆም።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስክሪፕት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚያበቃው «4 ሰዓት ላይ እንጠብቃችኋለን» በሚል ነበር። ደስ ይላል። ግን ማሽኑን በሰዓት ለካነው። ሁለት ራስ ያለው ማሽን ነው፣ የሚሠራበት አንድ ልጅ። ቡናው ለመውረድ 25 እስከ 30 ሰከንድ ይወስዳል፤ መፍጨቱ፣ መጠቅጠቁ፣ ወተት ማሞቁ፣ መጥረጉ ሲታከል አራት ማኪያቶ በሦስት ደቂቃ ተኩል ይወጣል። ከ15 ደቂቃው 6ቱ የመንገድ ነው፣ መሄጃና መመለሻ። ለመጠጣት 4 ደቂቃ እንስጥ። ለመጠበቅ የቀረው 5 ደቂቃ ነው። በ5 ደቂቃ ማሽኑ የሚያወጣው አምስት ስኒ ነው። እንግዲህ 4 ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢገባ፣ የመጨረሻው ስኒውን የሚያገኘው ከ10 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ያ ሰው ዘግይቶ ይመለሳል፣ ይቆጣል፣ ለቢሮው ሁሉ ያወራል። ሪሉ ሠራ ማለት ነው፤ ካፌው ተጎዳ።

መውጫው ከመንገዱ ራሱ ተገኘ። መንገዱ 3 ደቂቃ ነው፤ ሦስት አራት ስኒ ለማዘጋጀት የሚፈጀውም ወደዚያው ነው። ሰዎቹ ከወንበር ሲነሱ ከደወሉ፣ እነሱ በመንገድ ላይ ሳሉ ቡናው በማሽኑ ላይ ነው። ቀድሞ አዘጋጅቶ ማቆየት አይሆንም፤ የማኪያቶ አረፋ ጥቂት ደቂቃ ከቆመ ይወርዳል። ሁለት ቡድን እኩል ቢደውልም ሁለተኛው የሚጠብቀው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፣ ከአምስቱ ውስጥ። ሦስተኛው ቡድን ከደወለ ግን ስልኩን የሚያነሳው ሰው «ትንሽ ቆይታችሁ ውጡ» ማለት አለበት፤ ይህን ሪሉ ሊናገር አይችልም፣ አስተናጋጇ ናት የምትናገረው። የጀበናው ቡና ለዚህ ሰዓት አይመችም። ስሙ በጽሑፍ ይታይ፣ ግን ለሚቸኩል ሰው ቃል አይገባበት።

ባለቤቷ ጠዋት ቀድሞ ለመጣ ቁራጭ ድፎ ዳቦ በነጻ መስጠትም አስባ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ማሽኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ፈቶ ነው የሚቆመው። ከዚህኛው ሪል ግን አወጣሁት። «ደውሉ»ም «ጠዋት ኑ»ም ብሎ የጨረሰ ሪል ሁለቱንም አያስደርግም። ዳቦው የራሱ 15 ሰከንድ ይገባዋል።

«ዛሬ ተከፈተ» የሚለውንም ሰርዣለሁ። ሪል በተለጠፈበት ቀን ብቻ አይታይም፤ ሰኞ የወጣው ሐሙስ አንዱ ስልክ ላይ ብቅ ይላል፣ «ዛሬ» ያኔ ውሸት ነው። ቀኑ በቁጥር ይጻፍ። ጽሑፉ የሚቀመጥበት ቦታም ይታሰብበት፦ ስክሪኑ 1080 በ1920 ፒክስል ነው፣ ከታች በኩል የገጹ ስምና መግለጫው፣ በቀኝ በኩል የልብና የአስተያየት ምልክቶቹ ይሸፍኑታል። ስልክ ቁጥሩን ታች የጻፈ ሰው ማንም አያይለትም። መሐል ላይ፣ ወፍራም አድርጎ፣ በአንድ መስመር ከአራት ቃል ሳይበልጥ። ፊደላችን ሲያንስ «ጸ» እና «ጻ»፣ «ሰ» እና «ሱ» አይለዩም።

ዘፈን አልጨመርንም። የንግድ ገጽ ሁሉንም ዘፈን እንዳሻው እንዲጠቀም አይፈቀድለትም፣ አንዳንዴም ድምፁ ይጠፋበታል። ከዚያም በላይ ከ8 እስከ 16 ያለው ዝምታ ውስጥ ማንኪያ ስኒ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ከማንኛውም ዘፈን ይሻላል፣ ቢያንስ ለእኔ።

አንድ ነገር ስተናል። ቀረጻው ላይ «ረቡዕና አርብ» ስንል በጽሑፍ አላወጣነውም ነበር፣ ድምፁን ብቻ ነው የተማመንነው። ረቡዕ ጥር 20 ቀን 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ፤ አስተናጋጇ አንስታ ወደ ባለቤቷ ዞረች። «እትዬ፣ አምስት ሰው እየወጣን ነው ይላሉ፤ ግን ዛሬ ጾም ነው፣ ምን አላችሁ እያሉ ነው።»

«ስፕሪስ በያቸው» አለች ባለቤቷ፣ ሻዩን እየጣደች። ማታውኑ ጽሑፉን ጨምረን ሪሉን እንደገና ለጠፍነው።