«ካርዱ አይናገርም፣ የሚናገረው አንባቢው ነው»

ይህ አባባል በሥዕላዊ ካርዶች ዕጣ ፈንታን ከሚተነብዩ የአውሮፓና የአሜሪካ የታሮት አንባቢዎች አፍ አይጠፋም። አገላለጹ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕሉን ከጠያቂው ጉዳይ ጋር አገናኝቶ የሚፈታው ሰው ነው።

ታሮት መጀመሪያ ከዕጣ ፈንታ ጋር ጉዳይ አልነበረውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሰዎች የሚጫወቱበት ካርታ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ኤቴላ የሚባል ሰው ለእያንዳንዱ ካርድ ቁርጥ ያለ ፍቺ አወጣ። ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይህ፣ ተገልብጦ ሲወጣ ያ። እንዲህ ከሆነ የአንባቢው ሥራ መሸምደድ ነው።

ነገሩን የለወጠችው፣ በእኔ ግምት፣ ሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በምሥጢራዊ ትምህርቶች ጸሐፊው በአርተር ኤድዋርድ ዌይት ሐሳብ 78ቱን ካርዶች ሣለች። ከዚያ በፊት በአብዛኞቹ ካርዶች «ስምንት ጽዋ» ማለት የተደረደሩ ስምንት ጽዋዎች ማለት ነበር። እሷ ግን ሰውና ታሪክ ጨመረችበት።

እስቲ ይህንኑ ካርድ እንየው። ሌሊት ነው፣ ጨረቃ ወጥታለች። አንድ ሰው በትር ይዞ፣ ጀርባውን ለጽዋዎቹ ሰጥቶ ወደ ተራራው ይሄዳል። ከታች አምስት፣ ከላይ ሦስት ጽዋዎች አሉ፤ በላይኛው ረድፍ መሐል ክፍት ቦታ ይታያል። አንዲት ሴት ስለ ሥራዋ ጠይቃ ይህ ካርድ ወጣላት እንበል። አንዱ አንባቢ ዓይኑ ሰውየው ጀርባ ላይ ያርፍና «ልብሽ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቷል» ይላታል። ሌላው ክፍት ቦታውን ያይና «የጎደለብሽ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ካርዶቹ ሲደረደሩ ይህኛው የወጣው «ያለፈው» በሚባለው ቦታ ከሆነ ደግሞ መሄዱ የተፈጸመ ነገር ይሆናል።

ነጻነቱ ግን ልክ አለው። ሦስት ሰይፍ የወጋውን ልብ የሠርግ ደስታ ነው የሚል አንባቢ ከባልደረቦቹም ተቀባይነት አያገኝም።

ተጠራጣሪዎች አባባሉ ላይ ቀዳዳ ያያሉ። ንባቡ ሲሰምር ታሮት ሠራ ይባላል፣ ሳይሰምር ደግሞ አንባቢው አልቻለበትም። ታዲያ ካርዱ መቼ ነው የሚሳሳተው? በዚያ ላይ ትርጉም የሚጨምረው አንባቢው ብቻ አይደለም፤ ጠያቂውም ይጨምራል። የሥነ ልቦና ባለሙያው በርትራም ፎረር በ1948 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጥቶ ለየግላቸው የተዘጋጀ ውጤት ነው ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ለሁሉም የደረሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፣ አብዛኛውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲጠየቁ በአማካይ ከአምስት 4.26 ነጥብ ሰጡት።