«ሲያባርረኝ አደረ»፦ በህልም መሳደድ ምንድን ነው?

ጠዋት ቡና ላይ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያባርረኝ አደረ» የሚል ሰው ማን እንዳባረረው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል። አንድ ነገር ከኋላው ይመጣል፣ እሱ ይሸሻል፣ ሊያዝ ሲል ይነቃል፤ ህልሙ ይኸው ነው። ሌሊቱን ሙሉም አልነበረም። ህልም የሚደምቅበት የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ ይመጣል፣ ሊነጋጋ ሲልም ይረዝማል። ስለዚህ ሩጫው ምናልባት የንጋት ጥቂት ደቂቃዎች ነበር።

እጅግ የተለመደ ህልምም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የካናዳ ጥናት ከ1,100 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትኞቹን ህልሞች አይተው እንደሚያውቁ ተጠይቀው ነበር፤ ከ10ሩ 8 ያህሉ መሳደድን አይተዋል። ከዝርዝሩ ሁሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። እንዲህ ሰው ሁሉ የሚያየው ህልም ለሰው ሁሉ አንድ ፍቺ ሊኖረው አይችልም። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ቢባልም እዚህ ላይ ፈቺው ራሱ ህልመኛው ቢሆን ይሻላል፤ ምን እየሸሸ እንደሚውል የሚያውቀው እሱ ነውና።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ድሬዳዋ ከፊራ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ አለ እንበል። የሳምንት እቁቡን ገና በጊዜ ወስዷል፤ ካለፉት አምስት ሳምንታት ወዲህ ግን መክፈል አቁሟል። ሰብሳቢው ሲደውሉ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል። የሳቸው ሱቅ ያለበትን መንገድ ትቶ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቋርጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌሊት ታዲያ ሾፌር የሌለው ባጃጅ መብራቱን አብርቶ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ በዚያው አሸዋ ላይ ይከተለዋል። እግሩ እየሰመጠ ይሮጣል። ድንገት ሐረር ጀጎል ውስጥ ካደገበት ግቢ በር ይደርሳል፤ ህልም 50 ኪሎ ሜትሩን መንገድ አያውቅም። ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ መወርወሪያው የለም። በሩን በጀርባው ደግፎ እንደቆመ ይነቃል።

ከአሳዳጁ እንጀምር። መጀመሪያ የሚጠየቀው ፊት አለው ወይ ነው። የሚታወቅ ሰው ካባረረ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ሰው ጋር ያለ ያልተነገረ ጉዳይ ይሆናል። ፊት ከሌለው፣ ጥላ ወይም ዕቃ ከሆነ ደግሞ የሚሸሸው ሰው ላይሆን ይችላል፤ ስሜት ወይም ሊመጣ ያለ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። የነጋዴውን ባጃጅ ልብ ይበሉ፦ ሾፌር የለውም። ሰብሳቢው ቢያገኙት የሚጮሁ ሰው አይደሉም፣ እሱም ያውቃል። የሚያስፈራው በየሳምንቱ ሳይፈጥን ሳይዘገይ የሚመጣው የመክፈያ ቀን ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፦ ቢይዘኝ ምን ያደርገኝ ነበር? አንዳንዱ «ይገድለኝ ነበር» ይላል። ብዙው ግን ትንሽ ሲያስብ «እንጃ፣ ቆሞ ያየኝ ነበር» ይላል። ሁለቱ መልሶች እጅግ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ፍርሃት፣ ሁለተኛው ወደ እፍረት ይመራል። ጌስታልት የሚባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና ከመሠረቱት አንዱ ፍሪትዝ ፐርልስ ህልመኛው በአሳዳጁ አፍ እንዲናገር ያደርግ ነበር። ነጋዴው ቢሞክረው «እኔ ባጃጁ ነኝ፤ መንገዴን ነው የምሄደው፣ የሚያቆመኝ ሰው አልተቀመጠብኝም» ሊል ይችላል። ሞኝነት ይመስላል፤ ብቻን ሆኖ ሲሞከር ግን ብዙ ማሰብ ያላወጣውን ያወጣል።

አሳዳጁን ከመዝገብ ፈልጎ «ጅብ ማለት ጠላት ነው» የሚለው አካሄድ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሐረር ያደገ ልጅ ጅቡን በሐረሪ ስሙ ዋራባ ብሎ፣ ከግንቡ ውጭ ከሰው እጅ ሥጋ ሲበላ እያየ ነው ያደገው። ጅብን በተረት ብቻ ከሚያውቅ ሰው ህልም ጋር አንድ ፍቺ ቢሰጠው ስህተት ነው። ህልመኛውን «ጅብ ለማያውቅ ሰው ጅብ ምን እንደሆነ ንገረው» ማለት ይሻላል፤ ከአፉ የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቃላት ፍቺውን ይዘው ይመጣሉ።

ቦታውን ሰዎች ቶሎ ያልፉታል፤ ግን ብዙ ጊዜ ከአሳዳጁ የበለጠ ግልጽ ነው። የነጋዴው ህልም የተነሳው ቀን ቀን በሚሸሽበት በዚያው አሸዋ ላይ ነው፤ ማምለጫው ራሱ መሳደጃ ሆነበት። ቦታው የልጅነት ቤት ሲሆን ደግሞ ሽሽቱ የቆየ ልማድ ሊሆን ስለሚችል «እዚያ ቤት ስኖር ስጠየቅ ምን አደርግ ነበር?» ማለት ነው። የጀጎልን ጠባብ መንገዶች ለሚያውቅ ሰው የህልሙ ቅርጽ አይገርመውም፤ ግድግዳው ከግራም ከቀኝም ያጣብባል፣ መታጠፊያው የሚመጣውን ይሰውራል። (እዚያው ጀጎል ውስጥ የእርቅ መንገድ እየተባለች ለእንግዳ የምትታይ ጠባብ መተላለፊያ አለች። የተጣሉ ሰዎች ሲገናኙባት ሳይነካኩ ማለፍ አይችሉም፣ ስለዚህ ይታረቃሉ ይባላል። በህልም ያው ጥበት ያስጨንቃል።)

እግር መታሰሩን ግን አንፈታም። ህልም በሚደምቅበት በዚያ የእንቅልፍ ክፍል አንጎል የሰውነትን ጡንቻ ያዝላል፤ ብዙ ተመራማሪዎች በህልም መሮጥ ማቃቱን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። «እግሬ እምቢ አለ» የሚለው እንግዲህ የአካሉ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የሕይወት ድክመት ምልክት አድርጎ መተርጎም ያሳስታል።

ወደ ማምለጫው ስንመጣ ነገሩ ይጠልቃል። አንዱ ይደበቃል፣ አንዱ ይበራል፣ አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ ሰው ይጠራል። ከሁሉም የሚበዛው ግን መንቃት ነው፣ እሱም ማምለጫ ነው፤ እንደውም ፍጹሙ። ሲነቁ ፍርሃቱ ወዲያው ይረግባል፣ ህልሙ ግን መጨረሻውን አላገኘም። ነጋዴው ስልኩን ሲገለብጥ የሚሰማው እፎይታም ይኸው ነው። እፎይታው ሰብሳቢውን አይመልስም፤ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር በሚቀጥለውም ጊዜ ስልኩን መገልበጥን ነው። መሸሽ የሚደጋገመው ስለሚያስመልጥ ሳይሆን ለጊዜው ስለሚያሳርፍ ነው። መወርወሪያ የሌለው በርም ልክ እንደዚህ ነው፦ ተዘግቷል፣ አልተዘጋምም።

«አላስበውም» ብሎ መተኛትም አይረዳም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሙከራ ተማሪዎች ከመተኛታቸው በፊት ስለሚያውቁት አንድ ሰው እንዳያስቡ ታዘዙ። ያን ሰው እንዲያስቡት ከተነገራቸው ሌሎች ይልቅ በህልማቸው አብዝተው ያዩት እነሱ ነበሩ። አልጋ ላይ የተገፋ ሐሳብ በህልም በር ይመለሳል።

ሁሉም የመሳደድ ህልም ግን ሽሽትን አያሳይም። ፊንላንዳዊው ተመራማሪ አንቲ ሬቮንሱኦ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበው ሐሳብ እንዲህ ያለው ህልም አንጎል ከአደጋ ማምለጥን የሚለማመድበት ነው፤ እንደሱ ከሆነ መልእክት መፈለግ አያስፈልግም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሊዘነጋ የማይገባ ምክንያት አለ፦ ዱካክ። ጫት መቃም የለመደ ሰው ሲያቆም ወይም ሳይቅም ሲያድር የሚመጣበት ቅዠት በዚህ ስም ይጠራል፤ ማባረርና ማነቅ ይበዛበታል። ለመለየት ቀኑን ማየት ነው። ህልሙ ጫት በቀረባቸው ሌሊቶች ብቻ እየመጣ በቀናት ውስጥ ከቀነሰ የሰውነት ጉዳይ ነው፤ አሳዳጁን መመርመር ድካም ብቻ ይሆናል። ይባስ ብሎ ህልሙን ፈርቶ ወደ ጫቱ መመለስ አለ፤ ይህም በራሱ ሽሽት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱን ጎርፍ ላየ ሰው ደግሞ ውሃ የሚያሳድድበት ህልም ምሳሌያዊ ላይሆን ይችላል፤ ትዝታው ራሱ ነው። ምልክቱ ህልሙ ሳይለወጥ፣ እንደሆነው ሆኖ መመለሱ ነው። እንዲህ ያለውን ለብቻ መቆፈር አይመከርም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይይዘዋል።

ለቀረው፣ ለሚደጋገም የመሳደድ ህልም፣ በቅዠት ሕክምና የታወቀ ቀላል ዘዴ አለ። እንደነቁ ህልሙን በአሁን ጊዜ ይጻፉት፦ «እሮጣለሁ፣ መብራቱ ከኋላዬ ነው።» ሙስሊም ወገኖች ክፉ ህልም ያየ በግራው ሦስት ጊዜ እፍ ብሎ፣ በአላህ ተጠብቆ፣ ጎኑን ቀይሮ ይተኛል፣ ለማንም አይናገርም የሚለውን ሐዲስ ይከተላሉ፤ ለራስ በወረቀት መያዙ ለሰው መንገር ስላልሆነ ሊጋጭ አይገባም። ከዚያ ቀን ላይ ህልሙን እንደፈለጉ ቀይረው እንደገና ይጻፉት፤ የቱ ቦታ ይቀየር የሚል ሕግ የለም። አዲሱን ቅጂ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይን ጨፍነው በምናብ ይለማመዱት። አሮጌውን አይለማመዱም። ከሚያስፈራው ህልም አይጀምሩ፤ መካከለኛውን ይምረጡ፣ ለጥቂት ሳምንታትም ይሞክሩት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አዲሱን ቅጂ የድል ታሪክ ሲያደርጉት ነው። አሳዳጁን መግደል ሌላ ዓይነት ሽሽት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ሳይጠየቅ ሞተ ማለት ነው። የነጋዴው ቅጂ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ አሸዋው ላይ ይቆማል፣ ዞሮ እንደ ተሳፋሪ እጁን ያነሳል፣ ባጃጁ ይቆማል፣ «ኮንትራት ስንት ነው?» ይለዋል። ቀን ላይ ደግሞ አቻውን ያደርጋል፦ ለሰብሳቢው ደውሎ በሳምንት ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ቁጥር ይነግራቸዋል። ከስልኩ በኋላ ህልሙ በአንዴ ላይጠፋ ይችላል። የመጀመሪያው ለውጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ አሳዳጁ ፊት ያወጣል፣ ወይም ሩጫው እርምጃ ይሆናል፣ ወይም በሩ መወርወሪያ ይኖረዋል።

ተኝቶ ሳለ በእውን የሚራገጥ፣ የሚማታ፣ ከአልጋ ዘሎ የሚወርድ ሰው ካለ፣ በተለይ ዕድሜው ከ50 ካለፈ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። በእንቅልፍ መዛል የነበረበት ጡንቻ አልዛለም ማለት ሊሆን ይችላልና ህልሙን ለፈቺ ከማቅረብ በፊት ለሐኪም፣ ቢቻል ለነርቭ ሐኪም፣ ይነገር። አጠገቡ የሚተኛው ሰው ያየውን አብሮ ቢያስረዳ ይጠቅማል፤ የተራገጠው ሰው ራሱ የሚያስታውሰው ሩጫውን ብቻ ነው።