«ታወሩን አስረዝሙት» እና ሌሎች የገጠር ኔትወርክ የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንድ ቀበሌ እንውሰድ። ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ነው። ስሙን ትቼ፣ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻለሁ። ሜዳው ላይ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው አሉ። መኪና የሚደርሰውም እስከዚያው ነው። ከገበያው 1 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከሜዳው 40 ሜትር ከፍ ያለ ሸንተረር አለ። ከሸንተረሩ ጀርባ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል እልፍ ሲሉ ሌላ ጎጥ ይገኛል። ከፍታው ከገበያው ጋር እኩል ነው። ታወር ሊተከል ነው ሲባል ሁሉም ሰው ገበያው አጠገብ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ክርክሩም ከዚያ ጀመረ።

«ታወሩ ረጅም ከሆነ ሁሉንም ያዳርሳል።»

በዚህ ሥራ በጣም ውዱ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ገበያው አጠገብ 60 ሜትር ታወር ተከልን እንበል። ከአንቴናው ተነስቶ የሸንተረሩን ጫፍ ነክቶ የሚያልፍ ክር በሐሳባችሁ ወጥሩ። ከ60 ተነስቶ፣ 1 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ 40 ላይ ሸንተረሩን ይነካል። በኪሎ ሜትር 20 ሜትር እየወረደ ነው ማለት ነው። ጎጡ ጋ ሲደርስ ገና 30 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቤቶቹ ከክሩ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ናቸው።

ሞገድ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎንበስ ይላል፣ እውነት ነው። በ900 ሜጋኸርዝ ሲሰላ፣ ሸንተረሩ ባይኖር ከሚደርሰው ኃይል ጎጡ የሚያገኘው ከ140 እጅ አንዱን ገደማ ነው። ታወሩ 30 ሜትር ቢሆንስ? ከ300 እጅ አንዱ ገደማ። ቁመቱን እጥፍ አድርገን፣ ብረቱንና መሠረቱን ከእጥፍ በላይ ከፍለን፣ ያተረፍነው ይህችን ነው።

ከገበያው ሆኖ ጎጡን በቀጥታ ለማየት ስንት ሜትር ያስፈልጋል? ክሩን ከጎጡ ወደ ኋላ ስቡት። በግማሽ ኪሎ ሜትር 40 ሜትር ወጣ። በቀረው 1 ኪሎ ሜትር ሌላ 80 ይወጣል። ድምሩ 120 ሜትር። እሱም ሸንተረሩን ታክኮ ስለሚያልፍ ከኃይሉ ሩቡ ብቻ ነው የሚሻገረው። ሞገድ እንደ ክር ቀጭን አይደለም፣ ዙሪያውን ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ጋ ከሸንተረሩ በላይ ቢያንስ 6 ሜትር ያህል ነጻ አየር ይሻል። ሸንተረሩ ላይ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ደግሞ የዛፉንም ቁመት ደምሩበት። የዛሬውን ሳይሆን የዛሬ አሥር ዓመቱን።

20 ሜትር ታወር ሸንተረሩ ላይ ብንተክልስ? ከገበያውም ከጎጡም 60 ሜትር ከፍ ብሎ ሁለቱንም ያያል።

ይህን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም። ካርታ ይዘን ስንዞር ጎጡ ውስጥ አንድ አባት ጠሩን። «ልጄ፣ እኛ ለመደወል የምንወጣው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው» አሉና ሸንተረሩን አሳዩን። ወጥተን አየነው። የድንጋዩ አናት በስልክ ብዛት ልስልስ ብሏል። ስልኩን አስቀምጠው፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚያወሩት። ያ ድንጋይ ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንደኛ፣ ከዚያ ላይ ሩቅ ያለው ታወር ይታያል። አዲሱ ታወር ደግሞ ከነባሩ ጋር በማይክሮዌቭ፣ ማለትም ከታወር ወደ ታወር በቀጥታ በሚላክ ሞገድ፣ መገናኘት አለበት፣ እሱ ካልተገናኘ ብረት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ መንደሩ በእግር የሚወጣው ቦታ ነው፣ ስለዚህ ጥበቃም ጥገናም ይቻላል።

«እንግዲያው ለምን ትልቁ ተራራ ላይ አይወጣም?»

ከሸንተረሩ ባሻገር 400 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ አለ። ከዚያ ሆኖ አገር ይታያል። ችግሩም እሱ ነው። አገሩ ሁሉ ታወሩን ያያል። የሦስት ወረዳ ስልክ ይንጠለጠልበታል፣ ለሌሎች ታወሮች ሞገድም ረብሻ ይሆናል። ከእግሩ ሥር ያሉት ቤቶች ደግሞ የተራራው ትከሻ ይጋርዳቸዋል። ተራራ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የራሱ የተራራው ሆድ እንደሚከልላችሁ ማለት ነው። ሸንተረራችንም ቢሆን አናቱ ሰፊ ከሆነ ታወሩን መሐል ላይ አትትከሉት። ወደ ጎጡ ጠርዝ አስጠጉት።

መንገድ የሌለበት ተራራ ላይ ባትሪና ሲሚንቶ በሰው ጀርባ ሲወጣ ምን እንደሚያስከፍል አልገባበትም።

«በጣም ጠንካራውን አንቴና ግጠሙ።»

አንቴና ኃይል አይፈጥርም። የተሰጠውን ኃይል ቅርፅ ነው የሚያሲዘው። አንድ ጎድጓዳ ሊጥ አስቡ። ድፎ ዳቦ ብታደርጉት ጠባብ ግን ወፍራም ይሆናል። እንጀራ ብታደርጉት ሰፊ ግን ስስ። ሊጡ ያው ነው። በዙሪያው ሁሉ የሚረጭ ባለ ከፍተኛ ጌይን አንቴና፣ ማለትም ኃይሉን አሳስቶ ሩቅ የሚልክ፣ እንጀራው ነው። ርቆ ይዘረጋል፣ ከላይ እስከ ታች ግን 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከአግድም መስመሩ በታች የሚያወርደው 3 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው ማለት ነው።

አሁን ጎጡን እንለካ። አንቴናው 60 ሜትር ከፍ ብሏል፣ የጎጡ መሐል 500 ሜትር ይርቃል። ወደ ታች 7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 300 ሜትር ላይ ያለው የቅርብ ቤት ደግሞ 11 ዲግሪ ነው። ሞገዱ በአናታቸው ላይ ያልፋል። ታወሩ ከደጃቸው ሆኖ «ኔትወርክ የለም» ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ከሚጠረጠሩት ነገሮች የመጀመሪያው ይሄ ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ስልክ ይዛችሁ ከታወሩ ራቁ። እየራቃችሁ ስትሄዱ ከተሻለ፣ አንቴናው ከበላያችሁ እየተኮሰ ነው።

እዚህ የሚሻለው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚልክ ፓነል አንቴና ነው፣ ሁለት። ጀርባቸውን ሰጥተው አንዱ ወደ ጎጡ፣ አንዱ ወደ ገበያው። ከላይ እስከ ታች 14 ዲግሪ ያህል ስፋት ያለውን፣ አጠር ያለውን ዓይነት እንምረጥ። የጎጡን 5 ዲግሪ ወደ ታች ብናዘነብለው እስከ 12 ዲግሪ ይደርሳል፣ የቅርቡም ቤት ይገባል። ገበያው 1 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ 3 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው ወደ ታች የሚያስፈልገው። ከተማ ውስጥ እንደለመድነው ሦስት አቅጣጫ አያስፈልግም። ሦስተኛው ገደል ነው የሚያበራው፣ የሶላሩንም ኃይል ይበላል።

«ምልክቱ ሙሉ ነው ግን ድምፄ አይሰማም። የታወሩን ኃይል ጨምሩት።»

ስልኩ ላይ የምታዩት ምልክት ታወሩ ለእናንተ ምን ያህል እንደሚጮኽ ነው። ታወሩ እናንተን ምን ያህል እንደሚሰማችሁ አይናገርም። ታወሩ 20 ዋት ይልካል። የ4ጂ ስልክ የሚመልሰው ቢበዛ 0.2 ዋት ነው። ሸንተረር ላይ በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰውና ከታች በሹክሹክታ የሚመልስ ሰው አስቡ። ማጉያውን ብትጨምሩት ሹክሹክታው አይጎላም።

ኃይሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ርቀቱ የሚጨምረው በ20 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም ወደ ስልኩ ብቻ። ታወሩ የስልኩን ድምፅ በደንብ እንዲሰማ የሚያደርገው የአንቴናው አቀማመጥ ነው። ከአንቴና እስከ ራዲዮ፣ ማለትም ሞገዱን እስከሚልከውና እስከሚቀበለው ዕቃ፣ ያለው ኬብል ማጠርም ያግዛል። ስለዚህ ራዲዮው መሬት ላይ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከላይ፣ ከአንቴናው ጀርባ ይሰቀል።

«የ13 ወር ፀሐይ ያለን ሰዎች፣ ሶላር ምን ያስቸግራል?»

ሐምሌ ያስቸግራል።

የኛ ታወር ከሁለት ራዲዮው፣ ከማይክሮዌቩና ከመቆጣጠሪያው ጋር 300 ዋት ይበላል እንበል። ቀን ከሌት ነው፣ ስለዚህ በ24 ሲባዛ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት። በዓመት አማካይ በቀን 5.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብናስብ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ግን 4 ብንይዝ፣ ከሚመነጨውም በኬብል፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ ጠፍቶ 70 በመቶው ቢደርሰን፣ ስሌቱ ይህ ነው፦

```
7.2 ÷ (5.5 × 0.7) = 1.9 kW
7.2 ÷ (4.0 × 0.7) = 2.6 kW
```

በመጀመሪያው መስመር ያሰላ ሰው እስከ ሰኔ ድረስ ጀግና ነው። እኔም አንዴ እንደዚያው አስልቼ ነበር። በሐምሌ 1.9 ኪሎዋቱ የሚሰጠው 5.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በየቀኑ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ይጎድላል። ባትሪው ለሦስት ቀን የሚበቃ፣ ማለትም 21.6 የሚሰጥ ነው። 21.6 ለ1.9 ሲካፈል 11 ቀን። በ12ኛው ቀን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ታወሩ ጠፋ። ረፋዱ ላይ ተነሳ። በማግስቱም እንዲሁ። ዕቃ ተበላሽቷል ብለን ራዲዮ ቀየርን። ራዲዮው ምንም አልሆነም ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጠፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ የሚነሳ ታወር የተበላሸ ሳይሆን የተራበ ነው።

«እና ባትሪ ጨምሩበታ።»

በየቀኑ ከሚያገኘው በላይ የሚያወጣ ቤት ጎተራውን ቢያሰፋ ምን ይጠቅመዋል? የሚያልቅበት ቀን ይገፋል እንጂ ጉድለቱ ያው ነው። ባትሪ የሚያሻግረው ጥቂት የጭጋግ ቀናትን ነው። ሊቲየም ከሆነ ከአቅሙ 80 በመቶውን እየተጠቀምን 27 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃናል።

የሶላር ፓነሉም ልክ 2.6 ኪሎዋት ከሆነ ለዕለቱ ብቻ ነው የሚያመነጨው፣ ባዶ የሆነውን ባትሪ የሚሞላበት ትርፍ የለውም። ባለ 400 ዋት ስምንት ፓነል፣ 3.2 ኪሎዋት እናድርገው። በሐምሌም በየቀኑ 1.8 ገደማ ይተርፋል፣ ባትሪውም ቢያልቅ በ12 ቀን ይሞላል።

«ፓነሉ ወደ ደቡብ በደንብ ይዘንብል፣ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።»

መጽሐፉ ለአውሮፓ ተጽፎ ይሆናል። እኛ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምንርቀው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ነው የምትቆመው። ፓነሉን 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ሰው ፀሐይ በጣም በምታስፈልግበት ወር ጎኑን ይሰጣታል። 10 ዲግሪ በቂ ነው፣ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብ ያህል።